ዕዳው አለቀ፤ እግዱ ግን ፋይሉ ውስጥ አለ

የቤት ብድር የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ባንኩ ዘንድ ያለው ሂሳብ ይዘጋል። ቤቱ በሚገኝበት ክፍለ ከተማ ግን ፋይሉን የገለጠ ሰው ቤቱ በባንክ ዕዳ መታገዱን አሁንም ያነባል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ የሚጸናው ንብረቱ ባለበት ቦታ መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው ስለሚል፣ ባንኩ ገና ብድሩን ሲለቅ ለክፍለ ከተማው ደብዳቤ ጽፎ እግዱን አስመዝግቧል። እግዱ የሚነሳውም ያው ባንክ ሲጽፍ ነው። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በባለቤቱ ቃል ወይም በባንክ ደረሰኝ ብቻ እግድ አያነሳም።

ስለዚህ ተበዳሪው ለባንኩ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «ዕዳዬን ስለጨረስኩ ማስረጃ ይሰጠኝ» ብሎ ያመለክትና «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀቱ ዕዳ እንደሌለበት ይመሰክራል፤ ክፍለ ከተማው ግን በስሙ የተጻፈለትንና እግዱ ይነሳ የሚለውን ደብዳቤ ነው የሚፈልገው። የሚጠየቁት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ከዕዳ ነጻ ስለመሆን ማረጋገጫ፣ ለክፍለ ከተማው የሚጻፍ የእግድ ማንሻ እና ባንኩ ያስቀመጠው ዋናው ካርታ። ሦስቱም በአንድ ማመልከቻ ላይ በየስማቸው ይጠቀሱ።

እንበል ውሉ የተፈረመው ጥቅምት 15 ቀን 2008 ዓ.ም ነው፤ የባንኩ የእግድ ደብዳቤም ቁጥሩ ብድ/417/08 ነበር። ማመልከቻው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ቀን፦ …
ለ… ባንክ … ቅርንጫፍ
ጉዳዩ፦ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ፣ ከዕዳ ነጻ ማረጋገጫና ዋና ካርታ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ
ጥቅምት 15 ቀን 2008 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 26/10/2015) በተፈረመ ውል፣ በብድር ሂሳብ ቁጥር … የወሰድኩትን የቤት ብድር … ቀን ከፍዬ አጠናቅቄያለሁ። ባንኩ በቁጥር ብድ/417/08 በቀን … በጻፈው ደብዳቤ በካርታ ቁጥር … በተመዘገበው ቤቴ ላይ ያስመዘገበው እግድ እንዲነሳ ለ… ክፍለ ከተማ የመሬት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ፣ ከዕዳ ነጻ ማረጋገጫና ዋናው ካርታም እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር
(ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)
አባሪ፦ የመጨረሻ ክፍያ ደረሰኝ ቅጂ፣ የውሉ ቅጂ፣ የመታወቂያ ቅጂ

ቀኑ በሁለት አቆጣጠር የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የባንኩ ኮምፒውተር 26/10/2015 ብሎ ካስቀመጠና ቁጥሩ እንዳለ ወደ ደብዳቤው ከተገለበጠ፣ የክፍለ ከተማው ሠራተኛ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 26 ቀን 2015 ብሎ ያነበዋል። ፋይሉ ውስጥ በዚያ ቀን የተደረገ ውል አያገኝም።

የድሮው የእግድ ደብዳቤ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ባለሙያው ፋይሉን ከፍቶ የሚፈልገው ያንኑ ቁጥር ነው፤ በቤቱ ላይ ከአንድ በላይ እግድ ካለ ደግሞ የትኛው እንደሚነሳ የሚለየው በእሱ ነው። ቁጥሩ ከጠፋብዎ የባንኩ ብድር ክፍል ፋይል ውስጥ ወጪ የሆነው ደብዳቤ ቀሪ መኖር አለበት። ካርታው በመሀል ታድሶ ቁጥሩ ተቀይሮ ከሆነ አሮጌውንም አዲሱንም ይጻፉ። ስምም ልክ በካርታው ላይ እንዳለ እስከ አያት ድረስ ይሁን።

ከማስገባትዎ በፊት ሂሳቡ በእርግጥ ባዶ መሆኑን ያጣሩ። ወለድ በየቀኑ ስለሚታሰብ፣ ከቀናት በፊት በተነገረዎት ልክ ከፍለው ከሆነ ጥቂት ብር ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ሽርፍራፊ የተነሳ ሥርዓቱ ብድሩን አይዘጋውም። በሚከፍሉበት ዕለት የዚያኑ ቀን ቀሪ አሠርቶ መክፈል ይሻላል።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱን ሲያስረክቡ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ፈቃደኛ ያልሆነ ሠራተኛ አይጠፋም፤ ቢያንስ ቁጥሩን ያስጽፉ። መልስ ከዘገየ ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነው፦ «በቀን … በገቢ ቁጥር … ያቀረብኩትን ማመልከቻ ይመለከታል» ብሎ ይጀምራል። ያኔ ጉዳዩ ለማን እንደተመራ ከመዝገብ ማየት ይቻላል። ያለ ቁጥር የሄደ ሰው ከመስኮት መስኮት ሲንከራተት ይውላል።

የባንኩ ደብዳቤ ሲወጣ የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ስም በትክክል መጻፉን ያዩ፤ የነዚህ መሥሪያ ቤቶች ስም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራልና በራቸው ላይ ያለውን ታፔላ አይቶ መምጣት አይከፋም። ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ ወይም በባንኩ ተላላኪ የሚሄድ ከሆነ ወጪ ቁጥሩንና ቀኑን ይያዙ። በመጨረሻም ወደ ክፍለ ከተማው ሄደው እግዱ ከመዝገቡ መነሳቱን ይጠይቁ፤ ደብዳቤ ደርሶ ፋይሉ ላይ ያልተሠራበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፣ ይህም ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ቤቱ ሊሸጥ ገዢ ከቀረበ በኋላ ነው።