ትሪፕቶፋን ሲበዛ ግልበጣው የሚቆምበት መንገድ

በባክቴሪያ ውስጥ ዲኤንኤን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም፣ ፖሊመሬዝ፣ ሥራውን የሚያቆመው በሁለት መንገድ ነው። በአንዱ ሮ የተባለ ፕሮቲን አርኤንኤውን ይዞ በኤቲፒ ጉልበት እየተጓዘ ፖሊመሬዙን ያላቅቀዋል። በሌላው ሮ አያስፈልግም፤ አርኤንኤው በራሱ ላይ እንደ ፀጉር መርፌ ይታጠፋል፣ ቀጥሎ ያለው የዩ ድርድርም ከዲኤንኤው ጋር የተያያዘው በደካማ ትስስር ስለሆነ ይለቃል።

ኢ. ኮላይ ትሪፕቶፋን የሚያመርቱ ጂኖቹን፣ ከአፋኙ ፕሮቲን በተጨማሪ፣ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ይቆጣጠራል። ከጂኖቹ ፊት ባለው አርኤንኤ ላይ የ14 አሚኖ አሲዶች አጭር መልእክት አለ፤ በውስጡ ሁለት የትሪፕቶፋን ኮዶኖች ተከታትለው ተቀምጠዋል። ትሪፕቶፋን ሲበዛ ራይቦዞሙ ሳይዘገይ አልፎ 2ኛውን ክፍል ይሸፍናል፤ 3ኛውና 4ኛው ተጣምረው ግልበጣውን ያስቆማሉ። ሲያንስ ግን ኮዶኖቹ ላይ ይቆማል፤ ነፃ የቀረው 2ኛው ክፍል 3ኛውን ቀድሞ ይይዛል፣ ግልበጣውም ይቀጥላል።

ይህ የሚቻለው በባክቴሪያ ግልበጣና የፕሮቲን ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሚካሄዱ ነው።