ዕጣው ሳይወጣ የሚሸጠው ስም

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሎተሪ ወጥቶልዎታል» የሚል ጥሪ ወይም መልእክት አንድም ቀን ያልደረሰው ሰው ማግኘት እየከበደ ነው። ምክሩም በየቦታው ይሰማል፦ ያልቆረጡት ሎተሪ አይወጣልዎትም። ምክሩ ትክክል ነው። ችግሩ ሎተሪ የሚቆርጠውን፣ ዲቪ የሞላውን፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ የዕጣ ኩፖን ጽፎ ሳጥን ውስጥ የከተተውን ሰው አለማዳኑ ነው። እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ተሳትፈዋል። የሚደውልላቸው አጭበርባሪም ብዙ ጊዜ መሳተፋቸውን አውቆ ነው የሚደውለው።

ከየት አወቀ? ስለ ሎተሪ ማጭበርበር ሲወራ ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሳም። ጣት የሚቀሰረው በተጎጂው ስስት ወይም የዋህነት ላይ ነው። ስስትም የዋህነትም ግን ሁልጊዜ የነበሩ ነገሮች ናቸው። ሥራውን ወደ ኢንዱስትሪ ያሳደገው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ምን ዓይነት ዕጣ እንደሚሞክሩና ከዚህ በፊት ከፍለው እንደሆነ የተመዘገበበት ዝርዝር መኖሩ ነው። ይህ ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል።

ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየው በጃማይካ ነው። በሞንቴጎ ቤይ ከተማና በአካባቢዋ ለአሜሪካ ኩባንያዎች ስልክ የሚመልሱ የጥሪ ማዕከሎች ተስፋፍተው ነበር። ከእነዚህ ማዕከሎች ያፈተለኩ የአሜሪካውያን ስሞችና ስልኮች፣ በተለይም የዕጣ ውድድር ሞልተው የላኩ አረጋውያን ስሞች፣ ገበያ ወጡ። የአገሪቱ የስልክ መለያ 876 ነው፤ ለአሜሪካዊ ተቀባይ ከሌላ ክፍለ ግዛት የተደወለ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ዳኮታ የምትኖር አንዲት አረጋዊት እንዲህ ያለ ጥሪ ደረሳት። 19 ሚሊዮን ዶላርና አዲስ መኪና አሸንፈሻል፤ የቀረው ግብሩን መክፈል ብቻ ነው ተባለች። ከፈለች። ከዚያ ሌላ ክፍያ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ነገሩ ሲያበቃ 300 ሺህ ዶላር ገደማ፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቷ፣ ሄዶ ነበር።

የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ ይህን አንድ ክር ሲስብ ከ20 በላይ ተከሳሾች ተከትለው ወጡ። ከእነሱ መካከል እ.ኤ.አ. በ2015 የ20 ዓመት እስራት የተፈረደበት ሳንጄ ዊሊያምስ ዋና ሥራው ዝርዝሩን ለደዋዮች ማቅረብ ነበር። ፍርዱ ብዙ ይናገራል። በስልክ ያታለለው ድምፅ ሊቀየር ይችላል፤ ስሞቹን የሚያቀርበው ሰው ከሌለ ግን የሚደወልለት አይኖርም።

ዝርዝሩ በጃማይካ ራሷም ደም አፍስሷል። ዝርዝሩንና ገቢውን ለመቆጣጠር የተነሱ ቡድኖች እርስ በርስ መገዳደል ጀመሩ። ሞንቴጎ ቤይ በምትገኝበት ሴንት ጄምስ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ ከ300 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መንግሥት በአውራጃው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። የግድያው መንስኤ ሎተሪ ብቻ አልነበረም፤ ከዋናዎቹ አንዱ መሆኑን ግን ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ጃማይካ ይህን ማጭበርበር ለይቶ የሚቀጣ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚሞላው ከጥሪ ማዕከል በሚሰረቅ መረጃ ብቻ አይደለም። ሰዎች ራሳቸው ገንዘብ ከፍለው የሚመዘገቡበት መንገድም አለ፤ የሎተሪ ቁጥር «ትንበያ» ግዢ። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ የሚሸጥ «ሲስተም» ከዋናው ማጭበርበር የተለየና አነስ ያለ ጥፋት ተደርጎ ይታያል። ለዝርዝር ነጋዴው ግን ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለም። ትንበያ የገዛ ሰው ስልኩን ሰጥቷል፤ በዕጣ ገንዘብ ለማግኘት አስቀድሞ ገንዘብ እንደሚከፍልም አሳይቷል።

ትንበያው አንዳንዴ የሚሠራ የሚመስለው ለምንድን ነው? ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸውን ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን እንውሰድ። በሁለቱም «ፒክ ስሪ» የሚባል ዕለታዊ ሎተሪ አለ፤ ከ000 እስከ 999 ካሉት 1,000 ቁጥሮች አንዱ ይወጣል። አንድ ሻጭ 1,000 ተከታዮች አሉት እንበል። ለነገው ዕጣ የመጨረሻውን አሃዝ በነጻ ሊነግራቸው ቃል ይገባና በአሥር ቡድን ይከፍላቸዋል። ለመጀመሪያው ቡድን 0፣ ለሁለተኛው 1 እያለ እስከ 9 ይልካል። ማግስቱን 900ዎቹ ተሳስቷል ይላሉ፤ መቶዎቹ ግን ልክ ነው ብለው ያምናሉ። ለመቶዎቹ ብቻ ያንኑ ይደግማል፤ አሥር ሰዎች ሁለት ቀን በተከታታይ ልክ የሆነ ትንበያ ደረሳቸው ማለት ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲደግመው ሦስቱንም ያየ አንድ ሰው ይቀራል። ይህ ሰው የሰማው ወሬ የለም፤ በዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው። የ200 ዶላር «ቪአይፒ» አባልነት ቢሸጥለት መግዛቱ አይገርምም። ያላየው ሌሎቹ 999 ሰዎች የደረሳቸውን መልእክት ነው።

መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው፤ ሻጩ ያለፉትን ትንበያዎቹን በሙሉ፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፣ ሁሉም አባል በሚያየው ቦታ ለጥፏቸዋል ወይ? በግል መልእክት ብቻ የሚልክ፣ የተሳሳቱትን የሚያጠፋ፣ የአሸናፊ ቲኬት ፎቶ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ መልሱ ታውቋል። ሁሉንም በይፋ ቢለጥፍም ስሌቱ አይለወጥም። ኳሶቹ ትናንት የወጣውን አያስታውሱም፤ «ብዙ ጊዜ ያልወጣ ቁጥር» የሚባለው ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል የለውም። በፒክ ስሪ ሦስቱንም አሃዝ በቅደም ተከተል ያገኘ ሰው ለ1 ዶላር 500 ዶላር ይከፈለዋል፤ ዕድሉ ግን ከ1,000 አንድ ነው። በረጅም ጊዜ ከእያንዳንዱ ዶላር ግማሹ ይሄዳል፤ የትንበያው ዋጋ ከዚህ ላይ የሚጨመር ኪሳራ ነው።

ትንበያ የገዛው ሰው ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛው ስልክ ሊደወልለት ይችላል። አሁን ደዋዩ ሽልማት አለዎት ይላል። ክፍያው ብዙ ስም አለው፦ ግብር፣ የጉምሩክ፣ የባንክ ማስተላለፊያ፣ የኢንሹራንስ፣ የሰነድ ማረጋገጫ። ነቃ ያለ ሰው «ታዲያ ከሽልማቱ ላይ ቀንሱት» ይላል። መልሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ሽልማቱ ታሽጓል፣ ኢንሹራንስ ተገብቶበታል፣ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ማንም ሊነካው አይችልም።

ሐሰቱ በግልጽ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነውና። በኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በዕድል ሙከራ ከሚገኝ ገቢ ላይ ግብር ጥሏል፤ ቀንሶ የሚያስቀረው ደግሞ ሽልማቱን የሚከፍለው ድርጅት ነው። በአሜሪካም ከ5,000 ዶላር በላይ ከሆነ የሎተሪ ሽልማት ላይ 24 በመቶ ለፌዴራል ግብር ተይዞ ይቀራል፤ የሚይዘው ሎተሪው ነው። አሸናፊው የገንዘብ ሽልማቱን ሳይቀበል ለሎተሪ ድርጅት ግብር የሚልክበት አሠራር በሁለቱም አገር የለም። በሞባይል ካርድ ቁጥር፣ በስጦታ ካርድ ወይም በግለሰብ ስም በሚላክ ሐዋላ የሚከፈል ግብርም የለም።

ይህን መለኪያ የሚያደናግር አንድ ዘዴ በአሜሪካ አለ። አጭበርባሪው ራሱ ቼክ ይልካል፤ «ይህ የሽልማትዎ ከፊል ነው፤ ባንክ ያስገቡት፣ ከእሱ ላይ ግብሩን ይላኩልን» ይላል። ባንኩ ገንዘቡን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሂሳቡ ላይ ያሳያል፤ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ግን የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያኔ ባንኩ ዕዳውን የሚጠይቀው ባለሂሳቡን ነው። ሂሳብ ላይ የታየ ገንዘብ ገና የተረጋገጠ ገንዘብ አይደለም።

ለአማርኛ ተናጋሪው ይበልጥ የሚቀርበው ግን ዲቪ ነው። «ዲቪ ደርሶዎታል፣ የቪዛ ክፍያውን ይላኩ» የሚለው ኢሜይል የሚያምታታው ተቀባዩ በእርግጥ ስለሞላ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መመረጥን በኢሜይል፣ በደብዳቤም ሆነ በስልክ አያሳውቅም፤ አመልካቹ ራሱ dvprogram.state.gov ላይ ገብቶ በኮንፈርሜሽን ቁጥሩ ያያል። የቪዛ ክፍያም በሐዋላ አስቀድሞ አይላክም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ዕጣው እውነት ሆኖ ሲገኝ ነው። ብዙ ሰው ዲቪ ያስሞላው ኢንተርኔት ቤት ወይም ፎቶ ቤት ነው፤ የሚሞላው ሰው የራሱን ኢሜይል አስገብቶ ኮንፈርሜሽን ቁጥሩን እጁ ያስቀራል። ሲደርስ ቁጥሩን ለመስጠት ገንዘብ ይጠይቃል፤ የማያውቁትን ሰው በትዳር ስም እንዲያስገቡ የሚያስገድድም አለ። እዚህ ላይ አሸንፈዋል የሚለው ቃል ሐሰት አይደለም፤ መያዣ የሆነው የራሳቸው ቁጥር ነው። ድረ ገጹ ቁጥር ለጠፋበት ሰው መፈለጊያ አለው፤ የሚጠይቀው ስም፣ የልደት ቀንና ሲሞላ የገባውን ኢሜይል ነው። ኢሜይሉ የሞላው ሰው ከሆነ ይህ በር ይጠባል። ስለዚህ ከኢንተርኔት ቤት ከመውጣት በፊት የራስን ኢሜይል ማስገባትና የማረጋገጫውን ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል።

አንዴ የተበላ ሰውም ከዝርዝሩ አይሰረዝም፤ እንዲያውም ዋጋው ይጨምራል። ከወራት በኋላ ጠበቃ ወይም ፖሊስ ነኝ የሚል ሰው ይደውላል፤ የጠፋውን መጠንና የጠፋበትን ቀን ሳይቀር ያውቃል፣ ገንዘቡን አግኝተነዋል፣ የሚቀረው የማስመለሻ ክፍያ ነው ይላል። በአሜሪካ በስልክ የሚሠራ አስመላሽ ገንዘቡ ለባለቤቱ ከተመለሰ ሰባት የሥራ ቀን ሳያልፍ ክፍያ መጠየቁ በራሱ ሕገ ወጥ ነው። ከዚህ የተነሳ እናታቸው ወይም አባታቸው የተጭበረበሩባቸው ልጆች መጀመሪያ የሚያደርጉት የባንክ ሂሳቡን ማስጠበቅና የስልክ ቁጥሩን ማስቀየር ቢሆን ይሻላል። ወላጅን መቆጣት ቀጣዩን ጥሪ ያስደብቃል እንጂ አያስቆምም፤ አሮጌው ቁጥር እስካለ ድረስ ደግሞ ጥሪው ይቀጥላል።