የ45 ሴኮንድ ተማኅፅኖ

የራዲዮ ዜና አንባቢ ዜናውን ጨርሶ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ባለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ አንድ ድምፅ ስለ ተቸገሩ ሰዎች ጥቂት ቃል ተናግሮ፣ ገንዘብ ለምኖ፣ ቍጥር ነግሮ ሲያልፍ የሰማ ሰው ሁሉ፣ ያን ቃል የጻፈው ሰው ከጻፈው ይልቅ የሰረዘው እጅግ እንደሚበልጥ አይጠረጥርም። የጊዜው ልክ ብዙ ጊዜ 45 ሴኮንድ ነው፤ ይኸውም አንድ ቄስ ገበታ ባርከው እስኪቀመጡ ድረስ ያለውን ጊዜ እንኳ አይሞላም። ትንሽ ማኅበር ደግሞ ከዚህ የረዘመ ጊዜ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው፣ በዚህችው ልክ ውስጥ ማን እንደተጐዳ፣ ማን እንደሚረዳ፣ ሰሚው ምን እንዲያደርግና በየት በኩል እንዲያደርገው መናገር ግዴታው ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጥ የድሬዳዋን ጎርፍ እናንሣ። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋው ብቻ የሚታይ፣ ሰውና ከብት ያለ ሥጋት የሚሻገሩት ደረቅ ወንዝ ነው፤ ነገር ግን ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሰው ሁሉ በእንቅልፍ ላይ ሳለ በሌሊት ሞልቶ መጥቶ፣ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጠፋ፤ በሺሕ የሚቈጠሩትንም ያለ መጠለያ አስቀረ። እንዲህ ካለው መዓት በኋላ በነፍስ የተረፈው ቤተ ሰብ የሚያጣው ነገር በሩቅ ሆኖ ለሚያዝን ሰው ወዲያው አይታሰበውም። ሰሚው ልብስ ይታሰበውና አሮጌ ኮትና ጫማ በማዳበሪያ ሞልቶ ይልካል፤ ልብሱም የሚለይለት ሰው፣ የሚከማችበት ደረቅ ቤት፣ የሚጫንበት መኪና ይፈልጋል፤ ለዚህም ሁሉ የሚወጣው ወጪ አንዳንድ ጊዜ ከራሱ ከልብሱ ዋጋ ይበልጣል። ቤተ ሰቡ ግን የሚሻው ድስት፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስና ጀሪካን ነው። የጀሪካኑ ነገር ቀላል አይደለም፤ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል በሚለው የዕርዳታ ሠራተኞች ልክ ብንሄድ፣ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በየቀኑ 75 ሊትር ይቀዳል፤ ጎርፉ ጉድጓዱን ሁሉ ስለሚበክለው ንጹሕ ውኃ ከታደለበት ቦታ ተሸክሞ ማምጫና መክደኛ ያለው ማስቀመጫ ከሌለው ግን ውኃው ቢገኝም ቤት ሲደርስ ይቈሽሻል። ስለዚህ ጽሑፉ ዕቃ ሳይሆን ገንዘብ ይለምናል፤ ይህንንም ሰሚው እንዳይጠራጠር ገንዘቡ የሚገዛውን ዕቃ በስሙ ይጠራል።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንምጣ። ያልለመደ ሰው ከመግቢያው ይጀምራል፤ «በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት ለከፋ ችግር የተዳረጉ ወገኖቻችንን» ብሎ ሲያበቃ አምስት ሴኮንድ አልፎበት ገና ማንንም አላስተዋወቀም። ሥራውን የሚያውቅ ጸሐፊ ግን ከመጨረሻው፣ ማለትም ከባንክ ሒሳብ ቍጥሩ፣ ይነሣል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ቍጥር 13 አኃዝ ያለው ስለ ሆነ፣ እርሳስ የሚፈልግ ሰው እንዲደርስበት በየሦስቱና በየአራቱ እያረፉ ሲያነቡት ስምንት ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተነገረ ቍጥር ደግሞ እንዳልተነገረ ስለሚቈጠር ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ በመካከሉም «ደግሜ እላለሁ» የሚል ቃል ሲገባ 17 ሴኮንድ ሄደ ማለት ነው። አጭር የመልእክት ቍጥር ያገኘ ማኅበር ከዚህ ዕዳ ነጻ ነው። ለማኅበሩ ስምና ለሥራው አምስት፣ ለልመናው አምስት ሴኮንድ ሲሰጥ፣ ለታሪኩ የቀረው 18 ሴኮንድ ብቻ ይሆናል።

18 ሴኮንድ ምን ያህል ቃል ይይዛል? የአማርኛ ቃል አንዱ ሁለት ፊደል፣ ሌላው ዐሥር ፊደል ስለሚሆን ቃል መቍጠር ያሳስታል፤ ፊደል መቍጠር ይሻላል። በእርጋታ የሚያነብ ሰው በአንድ ሴኮንድ ስድስት ፊደል ያህል ይላል ብለን፣ ለዝምታም አራት ሴኮንድ ብንተው፣ ለታሪኩ የሚደርሰው 84 ፊደል ነው። ለምሳሌ የተዘጋጀው ጽሑፍ እንግዲህ ይህን ይመስላል፤

«ሌሊት ነው። ድሬዳዋ ተኝታለች። ደቻቱ ሞልቶ ወጣ። አንዲት እናት ሦስት ልጆቿን ይዛ አመለጠች፤ ሲነጋ ግን ድስት የላትም፣ ጀሪካን የላትም፣ ልጆቿን የምታለብሰው ብርድ ልብስ የላትም። የእገሌ ማኅበር እንደ እርሷ ላሉ ቤተ ሰቦች የቤት ዕቃ ያድላል። አምስት መቶ ብር ጀሪካንና ሳሙና ለመግዛት ይረዳል። ዛሬ ይላኩልን፤ የባንክ ቍጥራችን …፤ ደግሜ እላለሁ፤ …።»

አንባቢ እንደሚያየው በዚህ ውስጥ የሟቾች ቍጥር የለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቍጥሩ ከሰዓት ወደ ሰዓት ስለሚለዋወጥ፣ ጧት የተቀረጸው ቃል ማታ ሐሰት ሆኖ ይገኛል። የሚያለቅስ ሕፃን ድምፅም የለም፤ በእኔ አስተያየት ሰውን በለቅሶ አስደንግጦ ኪሱን ማስከፈት ለተረጂው ክብር አይስማማም፤ የሰሚውንም እጅ ወደ ራዲዮው መዝጊያ ይመራዋል። እናቲቱ እዚህ ላይ የምሳሌ ሰው ናት፤ በሚሠራጨው ጽሑፍ ውስጥ ግን የምትገባው በእርግጥ ያለች፣ ታሪኳ እንዲነገር የፈቀደች፣ ካልፈለገችም ስሟ የማይጠራ ሰው መሆን አለባት። አምስት መቶ ብሩም እንዲሁ በግምት አይጻፍም፤ በዚያው ሳምንት ገበያ ወጥቶ ዋጋ የጠየቀ ሰው ይነግረናል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው «ለመግዛት ይረዳል» የሚለው አነጋገር ነው። «ይገዛል» ቢባል ጽሑፉ የበለጠ ጕልበት ያገኛል፤ ነገር ግን ጀሪካኑ ከሚበቃው በላይ ተሰብስቦ ብርድ ልብስ ቢጐድል፣ ማኅበሩ በገዛ ቃሉ ታስሮ ብርድ ልብስ መግዛት ይቸግረዋል። «እያንዳንዱ ሳንቲም ለተጐጂው ይደርሳል» የሚለውም ተስፋ፣ ምንም እንኳ ለጆሮ የሚጥም ቢሆን፣ መጋዘን የሚከራይና ሹፌር የሚቀጥር ማኅበር ሊፈጽመው የማይችለው ነው፤ የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ እንኳ ለአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው ገቢ እስከ 20 በመቶ ይፈቅዳል።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የሚፈተነው በዐይን አይደለም፤ ጮኽ ተብሎ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይነበባል። 48 ሴኮንድ የፈጀ እንደ ሆነ አንባቢው ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም የሚጐዳው ትንፋሽ በሚያጥርበት በመጨረሻው በኩል ያለው ቍጥሩ ነው። ምልክቱም የኋለኞቹ ሦስት አኃዞች ተዋውጠው እንደ አንድ ቃል መሰማታቸው ነው። መድኀኒቱ ማስቸኰል ሳይሆን መሰረዝ ነው፤ በእኛ ምሳሌ መጀመሪያ የሚሠዋው «ድሬዳዋ ተኝታለች» ይሆናል፤ ሌሊት መሆኑ ከተነገረ ዘንድ መተኛቷ ይታወቃልና።

ጽሑፉም ወደ ራዲዮው ከመላኩ በፊት፣ ያልጻፈው ሌላ ሰው ከተቀረጸው ድምፅ ላይ ቍጥሩን በጆሮው ሰምቶ ይጻፍ፤ በዚያም ቍጥር አምስት ብር ለሙከራ ይላክ፤ ገንዘቡ በማኅበሩ ሒሳብ መግባቱ ሳይረጋገጥ አይሠራጭ።