ሰባ ሁለትን ማካፈል፦ ቁጠባም ዕዳም እጥፍ የሚሆንበትን ጊዜ የሚነግረው የጥንት ደንብ

በውጭ አገር የሚኖር አንድ ሰው አዲስ አበባ ላይ ቤት ለመሥራት አስቦ 100 ሺህ ብር በአገር ቤት ባንክ አስቀመጠ እንበል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበርና፣ የዚህን ሰው ወለድ 7 በመቶ እናድርገው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። የሰውየው ቁጠባ 200 ሺህ ብር የሚሆነው በስንት ዓመት ነው? ግሽበቱ በ30 በመቶ ቢዘልቅስ የሲሚንቶውና የብረቱ ዋጋ በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል?

ለሁለቱም መልስ ለመስጠት ወረቀትና እርሳስ እንኳ አያስፈልግም። 72ን ለ7 ማካፈል በቂ ነው፤ 10 ዓመት ከጥቂት ወር ይሆናል። 72 ለ30 ሲካፈል ደግሞ 2.4 ይሰጣል፤ ዋጋው ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው ይታጠፋል ማለት ነው። ይህ ዘዴ «የሰባ ሁለት ደንብ» ይባላል። ለመሆኑ 72 ከየት መጣ? ከሁለቱ መልሶችስ የትኛው ይበልጥ ሊታመን ይችላል?

ከሎጋሪዝም በፊት የተጻፈ ደንብ

ብዙ ሰዎች ይህን ደንብ የአልበርት አንስታይን ግኝት አድርገው ይናገራሉ። ነገር ግን አንስታይን ከመወለዱ 385 ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ከተማ በታተመ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ደንቡ ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉ በአጭሩ «ሱማ» ተብሎ የሚታወቀው ሲሆን፣ ደራሲው የፍራንሲስካን መነኩሴና የሒሳብ መምህር የነበረው ሉካ ፓቾሊ ነው። ይኸው መጽሐፍ የቬኒስ ነጋዴዎች ሲሠሩበት የነበረውን የሁለትዮሽ የሒሳብ አያያዝ ዘዴ በኅትመት በማስፋፋቱም ስሙ ይነሣል።

ፓቾሊ የሚለው አጭር ነው። ገንዘብ ከነወለዱ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ለማወቅ የሚሻ ሰው 72ን በቃሉ ይያዝ፤ ይህንንም በመቶ በሚከፈለው ወለድ ያካፍል። ምሳሌውም 6 በመቶ ነው፤ 72 ለ6 ሲካፈል 12 ይሆናል። ደንቡ ለምን እንደሚሠራ ግን መጽሐፉ አያስረዳም። ዛሬ ለዚህ ስሌት የምንጠቀምበትን ሎጋሪዝም ጆን ኔፒየር ያሳተመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1614፣ ከፓቾሊ መጽሐፍ 120 ዓመት በኋላ ነው።

ያለ ሎጋሪዝምም ቢሆን የደንቡን እውነትነት በትዕግሥት ማየት ይቻላል። 100 ዱካት በ6 በመቶ ቢበደር፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 106 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ወለዱ የሚታሰበው በ106ቱ ላይ ስለሆነ 112.36 ይደርሳል። በዚሁ መንገድ ዓመት በዓመት ሲባዛ በአሥራ አንደኛው ዓመት 189.83፣ በአሥራ ሁለተኛው 201.22 ይሆናል። መልሱ በእርግጥም 12 ዓመት ነው፤ እንዲያውም በጥቂቱ ተርፏል። በ8 በመቶ ለ9 ዓመት ቢሞከር ደግሞ 100ው 199.90 ይሆናል። ከእጥፍ የሚጎድለው ከመቶ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው።

ትክክለኛው ቁጥር 69.3 ነበር

ወለድ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን በየቅጽበቱ ያለ ማቋረጥ ከዋናው ገንዘብ ጋር ቢደመር ኖሮ፣ መካፈል የነበረበት ቁጥር 72 ሳይሆን 69.3 ነበር። ይህ ቁጥር የ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በመቶ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በዚህ ዓይነቱ ዕድገት 69.3 ለማንኛውም ምጣኔ ያለ ስሕተት ይሠራል።

ነገር ግን ወለድ በዓመት አንድ ጊዜ ሲታሰብ ነገሩ ይለወጣል። በጥር ወር የተገኘው ወለድ ሌላ ወለድ መውለድ የሚጀምረው ዓመቱ ሲያልቅ ነው፤ እስከዚያው ሥራ ፈትቶ ይቆያል። በዚህ ምክንያት እጥፍ መሆን ትንሽ ይዘገያል፤ የሚካፈለውም ቁጥር ከ69.3 ከፍ ማለት አለበት። ወለዱ ከፍ ባለ መጠን ሥራ ፈትቶ የሚቆየው ገንዘብም ስለሚበዛ መዘግየቱ ይጨምራል። ስሌቱ እንደሚያሳየው ወለዱ በአንድ በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር የሚካፈለው ቁጥር በ0.35 ገደማ ይጨምራል።

እንግዲህ ወለዱ 8 በመቶ ቢሆን 8 ጊዜ 0.35 ማለት 2.8 ነው። ይህ በ69.3 ላይ ሲደመር 72.1 ይሆናል። የ72 ምሥጢር እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ቁጥሩ በ8 በመቶ አካባቢ ላሉ ወለዶች የተሰፋ ልብስ ነው። 72 ሌላም በጎ ጠባይ አለው። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ9 እና ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። 69 ግን ከ3 እና ከ23 በቀር ሌላ ምቹ አካፋይ የለውም። በአእምሮው ለሚያሰላ ነጋዴ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ልብሱ የሚጠበውና የሚሰፋው የት ነው?

ከ8 በመቶ በታች ስንወርድ ደንቡ ጊዜውን ያስረዝማል። በ2 በመቶ ደንቡ 36 ዓመት ይላል፤ እውነተኛው 35 ዓመት ነው። ከ8 በመቶ በላይ ስንወጣ ደግሞ ያሳጥረዋል። በ20 በመቶ ደንቡ 3.6 ዓመት ሲል እውነተኛው 3.8 ነው። ከ5 እስከ 12 በመቶ ባሉት ወለዶች ላይ ግን ስሕተቱ ከመቶ ሁለት እጅ አይበልጥም።

ስሕተቱ ሥርዓት ያለው በመሆኑ ማረም ቀላል ነው። ወለዱ ከ8 በመቶ በ3 ከፍ ባለ ቁጥር በ72 ላይ 1 መጨመር፣ በ3 ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ 1 መቀነስ ነው። 20 በመቶ ከ8 በ12 ይበልጣል፤ 12 ውስጥ 3 አራት ጊዜ ስላለ 72 ወደ 76 ያድጋል። 76 ለ20 ሲካፈል 3.8 ይሆናል።

ይህ እርማት ከገንዘብ ውጭም ያገለግላል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኢትዮጵያን ሕዝብ ወደ 73.8 ሚሊዮን፣ ዓመታዊ ዕድገቱንም 2.6 በመቶ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። ይህ ምጣኔ ባይለወጥ ሕዝቡ እጥፍ የሚሆነው በስንት ዓመት ነበር? ያልታረመው ደንብ 27.7 ዓመት ይላል፤ እውነተኛው 27 ዓመት ነው። ለዚህ ነው የሥነ ሕዝብ አዋቂዎች እንዲህ ላሉ ዝቅተኛ ምጣኔዎች በ72 ፈንታ ብዙ ጊዜ 70ን የሚጠቀሙት።

በወር የሚደመር ዕዳ

ደንቡን የሚያሳስተው የወለዱ ከፍታ ብቻ አይደለም። ወለዱ በየስንት ጊዜው እንደሚደመር አለማየትም ያሳስታል። በ24 በመቶ ዓመታዊ ወለድ የተያዘ የ1,000 ዶላር የክሬዲት ካርድ ዕዳን እንውሰድ። የስሌቱን ጠባይ ለማየት ያህል ምንም ክፍያ እንዳልተፈጸመበት፣ ቅጣትም እንዳልተጨመረበት እናድርግ። ደንቡ 72ን ለ24 አካፍሎ 3 ዓመት ይለናል።

ወለዱ በዓመት አንድ ጊዜ ቢደመር ዕዳው በ3 ዓመት 1,906.62 ዶላር ይሆናል፤ ገና አልታጠፈም። እጥፍ ለመሆን ሌላ ሁለት ወር ከግማሽ በላይ ይቀረዋል። ወለዱ በየወሩ 2 በመቶ እየሆነ ቢደመር ግን ዕዳው በ35ኛው ወር 1,999.89 ዶላር ይደርሳል፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ታጥፏል ለማለት ይቻላል። በየቀኑ ከተደመረ ደግሞ 35ኛው ወር ሳያልቅ እጥፍ ይሆናል። የተጻፈው ወለድ በሁሉም ዘንድ 24 በመቶ ነው፤ ደንቡም ለሁሉም 3 ዓመት ይላል፤ እውነቱ ግን በአንዱ ከዚያ በኋላ፣ በሌሎቹ ከዚያ በፊት ነው።

መፍትሔው ወለዱ በሚደመርበት ጊዜ ልክ መቁጠር ነው። ወለዱ በየወሩ የሚታሰብ ከሆነ የሚወሰደው 24 ሳይሆን 2 ነው፤ መልሱም በዓመት ሳይሆን በወር ይነበባል። 2 በመቶ ከ8 በ6 ያንሳልና 72 ወደ 70 ይወርዳል። 70 ለ2 ሲካፈል 35 ወር ይሰጣል፤ ይህም ከላይ ካገኘነው ጋር ይገጥማል።

ወለዱ በየዓመቱ ከባንክ እየወጣ የሚበላ ከሆነ ግን 72 ቦታ የለውም። ያን ጊዜ ወለድ ወለድን አይወልድምና የሚካፈለው 100 ነው። 8 በመቶ የሚያስገኝ ገንዘብ ባለቤቱ ከኪሱ ያስገባው ወለድ ከዋናው የሚተካከለው በ9 ዓመት ሳይሆን በ12 ዓመት ተኩል ነው።

ወደ 100 ሺህ ብሩ ስንመለስ

አሁን የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች መመዘን እንችላለን። 7 በመቶ ለ8 ቅርብ ስለሆነ ስለ ቁጠባው የተሰጠው መልስ የሚታመን ነው፤ ገንዘቡ በ10 ዓመት ከ3 ወር ገደማ እጥፍ ይሆናል። 30 በመቶ ግን ሩቅ ነው። ከ8 በ22 ስለሚበልጥ በ72 ላይ 7.3 መጨመር ያስፈልጋል። 79.3 ለ30 ሲካፈል 2.64 ዓመት፣ ማለትም 32 ወር ገደማ ይሆናል። ያልታረመው ደንብ 29 ወር ብሎን ነበርና ሦስት ወር ያህል አሳጥሮታል።

ሦስት ወሩ ግን የሰውየውን ዕጣ አይለውጠውም። ቁጠባው አንድ ጊዜ እስኪታጠፍ ድረስ ግሽበቱ በዚያው 30 በመቶ ቢቀጥል፣ ዋጋ አራት ጊዜ ለመታጠፍ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ባንክ ያለው 100 ሺህ ብር 200 ሺህ በሚሆንበት ቀን፣ መጀመሪያ በ100 ሺህ ብር ይገዛ የነበረው የቤት ዕቃ 1.5 ሚሊዮን ብር ገደማ ያስፈልገዋል። ግሽበት እንዲህ በአንድ ምጣኔ ለረጅም ዓመታት ጸንቶ አይቆይምና ይህ ትንቢት አይደለም። ደንቡ የሚናገረው ምጣኔው እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ ነው፤ ምጣኔው በተለወጠ ቁጥር ማካፈሉም እንደገና መጀመር አለበት።