ቦርዱና ስታንድአፑ ሲጣሉ

በሶፍትዌር ድርጅቶች ጠዋት ጠዋት ስታንድአፕ የሚባል ስብሰባ አለ። ቡድኑ ቆሞ፣ ከ15 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ፣ ሥራው የት እንደደረሰ ይነጋገራል። ከጎኑ ደግሞ ቦርድ አለ። እያንዳንዱ ሥራ በአንድ ካርድ ይጻፍና ከ«የታቀደ» ወደ «በሥራ ላይ»፣ ከዚያ ወደ «ሙከራ»፣ በመጨረሻም ወደ «ያለቀ» ይሸጋገራል። የአሠራሩ መነሻ ጃፓን ውስጥ ያሉት የቶዮታ ፋብሪካዎች ናቸው፤ እዚያ ታይቺ ኦኖ የተባሉት መሐንዲስ ክፍሎች የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ በካርድ እንዲጠይቁ አድርገው ነበር።

ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን ይደረግ? የሚከተለው ታሪክ የፈጠራ ነው፤ ችግሩ ግን በብዙ ቡድኖች ውስጥ የሚታይ ነው።

አንዲት አዲስ አስተባባሪ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ተቀጠረች። በአንዱ ጠዋት ስታንድአፕ ላይ ዴቨሎፐሩ «የክፍያውን ገጽ ጨርሻለሁ» አለ። ካርዱ ግን «በሥራ ላይ» ከሚለው ዓምድ ሳይነቃነቅ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል። ቴስተሯ «ለዛሬ የምሞክረው የለኝም» አለች፤ «ሙከራ» ሥር ግን በስሟ አራት ካርዶች ተደርድረዋል። ሦስተኛው «ትናንት ቀኑን ሙሉ የሒሳብ ክፍሉን ሪፖርት ስሠራ ዋልኩ» አለ፤ እንዲህ የሚል ካርድ ጭራሽ የለም።

«ካርዶቻችሁን አስተካክሉ» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ያን ብታደርግ ቦርዱ ለአንድ ቀን ይጸዳና በሳምንቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እሷ ግን ከስብሰባው በኋላ የካርዶቹን የእንቅስቃሴ ታሪክ ከፍታ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ጠየቀች።

ዴቨሎፐሩ አልዋሸም፤ ኮዱን ጽፎ ከጨረሰ አምስት ቀን ሆኖታል። የሚገመግምለት ከፍተኛ ባለሙያ በሌላ ሥራ ተይዞ ነበር። ቦርዱ ላይ ግምገማ የሚጠብቅ ሥራ የሚቀመጥበት ዓምድ ስለሌለ ካርዱ እዚያው ቀረ። ቴስተሯም እውነቷን ነው። የሙከራው ሰርቨር አዲሱ ኮድ ስላልተጫነበት አራቱን ሥራዎች ልትሞክር አትችልም። ስታንድአፑ ላይ ሁሉም ስለራሱ ብቻ ስለሚናገር፣ የቆመውን ሥራ የሚጠይቅ አልነበረም። ሪፖርቱ ደግሞ የመጣው በስልክ ነው፤ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ በቀጥታ ደውለው «አንተ ልጅ፣ ለነገ አድርስልኝ» ሲሉት እምቢ ማለት ከበደው።

ሦስቱ ግጭቶች ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ነበሯቸው፤ መፍትሔያቸውም ተለያየ። ለመጀመሪያው «ግምገማ የሚጠብቅ» የሚል ዓምድ ተጨመረ፤ በየዓምዱ ሥርም ካርድ ወደዚያ ለመግባት ምን መሟላት እንዳለበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ። ለሁለተኛው የስታንድአፑ አካሄድ ተለወጠ። እያንዳንዱ ሰው ትናንት ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠራና ምን እንዳገደው መናገሩ ቀርቶ፣ ቡድኑ ለማለቅ ከቀረበው ካርድ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ «ይህን ለማስጨረስ ምን ቀረ?» እያለ ይጠይቃል። የስክረም መመሪያም በ2020 እ.ኤ.አ. እትሙ እነዚያን ሦስት የተለመዱ ጥያቄዎች አውጥቷቸዋል። ለሦስተኛው፣ በስልክ የመጣም ሥራ ቢሆን ከመጀመሩ በፊት ካርድ እንዲወጣለት ተስማሙ።

ካርድ የሌለው ሥራ ጉዳቱ በሒሳብ ይታያል። በቦርዱ ላይ ተጀምረው ያላለቁ 12 ሥራዎች ቢኖሩና ቡድኑ በሳምንት 3 ቢጨርስ፣ አንድ ሥራ ከተጀመረ እስኪያልቅ በአማካይ 4 ሳምንት ይወስዳል። ካርድ ያልወጣላቸው 3 ሥራዎች ተደብቀው ካሉ ግን እውነተኛው ቁጥር 15 ነው፤ አማካዩም 5 ሳምንት ይሆናል። አስተባባሪዋ ቦርዱን አምና ለደንበኛው 4 ሳምንት ብትል ኖሮ፣ ማንም ሳይሰንፍ ቀጠሮው በአንድ ሳምንት ይፈርስ ነበር። ስሌቱ የሚሠራው አዲስ ሥራ የሚገባበትና የሚያልቅበት ፍጥነት ሲቀራረብ ነው። ከሚያልቀው በላይ የሚገባ ከሆነ የጥበቃው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል፤ ስለዚህ ብዙ ቡድኖች በአንድ ዓምድ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የካርድ ብዛት ይገድባሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቦርዱ ሊዋሽ የሚችልበት አንድ መንገድ አለ። አለቃው በካርድ ቁጥር ሰው መመዘን ከጀመረ፣ ሠራተኛው ለሥራው ሳይሆን ለዓይን ሲል ካርድ ያንቀሳቅሳል። ምልክቱን በእንቅስቃሴው ታሪክ ማየት ይቻላል፦ ካርዶች በቀኑ ውስጥ ተበታትነው መንቀሳቀሳቸውን ትተው ከስብሰባው በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች በጅምላ ይዘዋወራሉ። ያን ጊዜ አዲስ ዓምድ መጨመር አይረዳም፤ መጀመሪያ መቅረት ያለበት በካርድ ሰው መመዘኑ ነው።