የሐራጅ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አነባበብ፦ ምን ይደረግ? እስከ መቼ?

ባንክ ለተበዳሪ የሚጽፈው የሐራጅ ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ምክንያቱ፣ ዕዳው፣ ትእዛዙ፣ የጊዜ ገደቡና ቅጣቱ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ይነገራሉ። አንባቢው መጀመሪያ የሚያገኘው የብድር ውሉን ቀንና ቁጥር ነው፤ ማድረግ ያለበት ነገር የሚመጣው ግን ዘግይቶ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ መደንገጡን እንጂ መፈጸም ያለበትን ጉዳይ ለይቶ አያውቅም።

ደብዳቤው ተራ ማሳሰቢያ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ዕዳው በውሉ ጊዜ ካልተከፈለው ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ከሽያጩ በፊት ግን ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ባለዕዳው ንብረቱን ለማዳን በእጁ ያለው ጊዜ በዋናነት ይኸው ነው፤ ስለዚህ ቀኑን በትክክል መቁጠር ቤትን የማትረፍ ወይም የማጣት ጉዳይ ይሆናል።

በተለመደው አጻጻፍ የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ እንመልከት። ደብዳቤው የተጻፈው ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም ሲሆን፣ «ጉዳዩ፦ የሐራጅ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት» ከሚለው ርዕስ በታች እንዲህ ይላል እንበል፦

«በተፈረመው የብድር ውል መሠረት ከባንካችን ለወሰዱት ብድር መክፈል የሚገባዎትን ወርሃዊ ክፍያ በውሉ በተመለከተው ጊዜ ባለመክፈልዎ እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም ድረስ ወለድና መቀጫን ጨምሮ ብር 412,600 ውዝፍ ዕዳ ያለብዎት በመሆኑ፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ባሉት 30 ተከታታይ ቀናት ውስጥ ውዝፉን ገቢ እንዲያደርጉ እያሳሰብን፣ ይህን ባይፈጽሙ ግን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጠን ሥልጣን መሠረት በመያዣነት የተያዘውን ቤት በሐራጅ ሸጠን ለዕዳው መክፈያ የምናውል መሆኑን እናስታውቃለን።»

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የሚፈታው ግሶቹን በመፈለግ ነው። ማሰሪያው «እናስታውቃለን» የሚለው ነው፤ እሱ ግን የባንኩን ሥራ እንጂ የተበዳሪውን ግዴታ አይናገርም። የተበዳሪው ግዴታ የሚገኘው በ«እንዲ» በሚጀምረው ግስ ላይ ነው፤ እዚህ «ገቢ እንዲያደርጉ» የሚለው ማለት ነው። ከእሱ በፊት እስከ «በመሆኑ» ያለው ሁሉ ምክንያት ነው። «ባይፈጽሙ ግን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ደግሞ ትእዛዙ ካልተፈጸመ የሚከተለው ውጤት ነው። ደብዳቤው በእነዚህ ሦስት ክፍሎች ከተቆረጠ ትርጉሙ ይገለጣል። በ«እንዲ» የሚጀምር ግስ ሁሉ ግን ሥራ አያዝም፤ «እንዲያውቁት» ብቻ ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ መረጃ የሚሰጥ ነው። አንባቢው ስሙን ያገኘው በአድራሻው ላይ ሳይሆን ከታች «ግልባጭ» በሚለው ሥር ከሆነም ትእዛዙ በቀጥታ የተላለፈው ለሌላ ሰው ነው። ሆኖም ግልባጩ የደረሰው ሰው ዋስ ወይም ንብረቱን በመያዣ የሰጠ ከሆነ ውጤቱ እሱንም ስለሚነካው ወደ ጎን ሊተወው አይገባም።

ቀጥሎ የሚለየው የሚከፈለው ምንድን ነው የሚለው ነው። በምሳሌው የተጠየቀው «ውዝፉ» ነው፤ ማለትም ጊዜው አልፎ ያልተከፈለው ብቻ። ደብዳቤው «ቀሪውን ዕዳ ሙሉ በሙሉ» ቢል ኖሮ የሚጠየቀው ገና የመክፈያ ጊዜው ያልደረሰውን ጭምር በመሆኑ ገንዘቡ በብዙ እጥፍ ሊለይ ይችላል። ሌላው መታየት ያለበት «እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን» የሚለው ሐረግ ነው። ብር 412,600 የዚያን ዕለት ሒሳብ ነው። ወለዱና መቀጫው ከዚያ በኋላም ስለሚቀጥል፣ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ይህንኑ ገንዘብ ብቻ የሚያስገባ ሰው ጥቂት ብር ሊቀርበትና ዕዳው እንዳልተዘጋ ሊቆጠርበት ይችላል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ከቅርንጫፉ ክፍያው በሚፈጸምበት ዕለት የሚፈለገውን ትክክለኛ መጠን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ስሕተት የሚበዛው በቀን ቆጠራው ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ቆጠራው ከየትኛው ቀን ይጀምራል የሚለው ነው። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ከላይ በጉልህ ስለሚታይ ብዙዎች ከእሱ ይነሳሉ። በምሳሌው ግን የሚለው «ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ» ነው። ተበዳሪው ደብዳቤውን ፈርሞ የተቀበለው ጥር 13 ቀን ከሆነ፣ ቀጣዩን ቀን አንድ ብሎ ሲቆጥር 30ኛው ቀን የካቲት 13 ላይ ይውላል። ከተጻፈበት ቀን ቢቆጥር ግን የካቲት 6 ይሆን ነበር፤ የአንድ ሳምንት ልዩነት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ደብዳቤ ሲቀበሉ ከፊርማው ጎን የተረከቡበትን ቀን መጻፍ፣ በራስ ቅጂ ላይም ያንኑ ቀን ማስፈር ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። የመድረሻው ቀን ይቆጠር አይቆጠር የሚል ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ቆጥሮ አንድ ቀን ቀድሞ መጨረስ ይሻላል።

«ተከታታይ ቀናት» የሚለው ቃል ቅዳሜና እሑድም፣ በዓላትም እንደሚቆጠሩ ይናገራል። «የሥራ ቀናት» ቢል ግን እነዚህ ይቀነሳሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ፣ የ30 ቀን ገደብ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ወር በዚያው ቀን ያልቃል። ጳጉሜን በመሐል ከገባች ግን ይህ አይሠራም። ነሐሴ 20 ቀን የደረሰ ማስጠንቀቂያ የሚያበቃው መስከረም 20 ሳይሆን መስከረም 15 ቀን ነው፤ ምክንያቱም አምስቱ የጳጉሜን ቀናት ከ30ው ውስጥ ይገባሉ። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14 ይሆናል። ባንኮች በፈረንጆች አቆጣጠር የመጻፍ ልማድ ስላላቸው፣ ቀኑ በቁጥር ብቻ ከተጻፈ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳያረጋግጡ መቁጠር አይገባም።

አንድ ደብዳቤ ከአንድ በላይ የጊዜ ገደብ የሚይዝበት አጋጣሚም አለ። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ለምሳሌ የመክፈያውንና የቅሬታ ማቅረቢያውን ጊዜ ለየብቻ ሊያስቀምጥ ይችላል። መክፈሉ ግዴታ፣ ቅሬታው ደግሞ መብት በመሆኑ ሁለቱን በሁለት መስመር ለይቶ መጻፍና ቀድሞ የሚያልቀውን ከላይ ማድረግ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሠራ የምሳሌው ደብዳቤ እንዲህ ያጥራል፦ «እስከ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም ድረስ ውዝፉን በዕለቱ ሒሳብ ለባንኩ ገቢ ማድረግ፤ ካልሆነ ቤቱ ለሐራጅ ይቀርባል።» ደብዳቤ በትክክል መነበቡ የሚታወቀው ማን፣ ምን፣ ለማን፣ እስከ መቼ፣ ካልሆነስ ምን የሚሉት ጥያቄዎች እንዲህ ባለ አንድ መስመር ሲመለሱ ነው። ከአምስቱ አንዱ ባዶ ከቀረ ደብዳቤው እንደገና መነበብ፣ ወይም ጸሐፊው ክፍል መጠየቅ አለበት።

ገንዘቡ በተባለው ጊዜ የማይሞላለት ተበዳሪ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምለት ባንኩን በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል። ሆኖም ማመልከቻ ማስገባቱ ብቻውን ቆጠራውን አያቆምም፤ በቃል «እናያለን» መባሉም ዋስትና አይሆንም። ባንኩ አዲስ ቀን በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ የሚሠራው በማስጠንቀቂያው ላይ የሰፈረው ቀን ነው።