ውሻ ሳይነክስ በፊት ምን ይላል?

«ምንም ሳያሳይ ዘሎ ነከሰው» ይላሉ ባለቤቶች፣ ልጅ ከተነከሰ በኋላ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ውሻው አሳይቷል፤ ያየለት ሰው ጠፍቶ ነው። ጤነኛ ውሻ እንዲነክስ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ፍርሃት ነው። የፈራ ውሻ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው ጠብ ሳይሆን የሚያስፈራው ነገር እንዲርቅለት ነው፤ ይህንንም በመላ ሰውነቱ ይለምናል።

በየቤቱ የሚያጋጥም ነገር እንውሰድ። አውዳመት ነው፤ ቦቢ ግቢው ጥግ በሰንሰለት ታስሯል። ከእንግዶቹ ጋር የመጣ የአምስት ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ይጠጋዋል። ቦቢ መጀመሪያ የሚያደርገው ከቁም ነገር የሚጣፍ አይመስልም፦ ምላሱን ብቅ አድርጎ ከንፈሩንና አፍንጫውን ላስ ያደርጋል። ምግብ ቀርቦለት ቢሆን አምሮት ነው እንል ነበር፤ ሰው እየተጠጋው ሲሆን ግን ጭንቀት ነው። እንቅልፍ ሳይኖረው ቢያዛጋም ትርጉሙ ያው ነው።

ልጁ አልቆመም። ቦቢ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ ዓይኑ ግን ልጁ ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ የዓይኑ ነጭ በጠርዙ በኩል እንደ ጨረቃ ጎብጦ ይታያል። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተጣጥፈው ጭንቅላቱ ላይ ይለጠፋሉ። ጅራቱ ይወርዳል፤ ፍርሃቱ ሲብስ በኋላ እግሮቹ መሃል ገብቶ ሆዱ ሥር ይሸጎጣል። ያልታሰረ ውሻ እዚህ ላይ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ቦቢን ግን ሰንሰለቱ ያዘው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከሁሉም አደገኛው ነው፤ ጸጥታ ስለሚመስልም ሰውን ያታልላል። ሲያለከልክ የነበረው አፍ ግጥም ይላል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ይህን ያየ ሰው የቀረው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ቀጥሎ ማጉረምረም፣ ከዚያ አየር ላይ መንከስ፣ ከዚያ ሥጋ ላይ። እንግሊዛዊቷ የእንስሳት ሐኪም ኬንዳል ሼፐርድ ይህንን ሂደት እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ አስቀምጣዋለች። ውሻው ታችኛው ደረጃ ላይ ከተሰማ ወደ ላይኛው የሚወጣበት ምክንያት የለውም።

«ጅራቱን እየቆላ አይደል እንዴ?» የሚል ይኖራል። ጅራት መቁላት ውሻው ስሜቱ መነሣሣቱን እንጂ መደሰቱን ብቻ አይናገርም። ወገቡ ጭምር እየተወዛወዘ ጅራቱ ላላ ብሎ በሰፊው ሲሄድ ደስታ ነው። ጅራቱ ወደ ላይ ተገትሮ በአጭሩ ቶሎ ቶሎ ሲንቀጠቀጥ ግን እጅ አይዘረጋም። ዝቅ ብሎ ከተቆላ ደግሞ ውሻው «አትንኩኝ» እያለ ሊለማመጥ ይችላል። ጅራታቸው በተፈጥሮ የተጠቀለለ ውሾች ስላሉ፣ የአንድን ውሻ ጅራት ማነጻጸር ያለብን እሱ ዘና ሲል ከሚይዘው ጋር ነው።

ኃይለኛ ይሆናል እየተባለ የቡችላ ጆሮ የሚቆረጥባቸው ቤቶች አሉ። ቁርጡ ጀግንነት አይጨምርም፤ ፍርሃቱን የምናይበትን ምልክት ይቀንሳል እንጂ። ከዚያ የባሰው ሲያጉረመርም መምታት ነው። የተመታ ውሻ ልጁን መፍራቱን አይተውም፣ የሚተወው ማጉረምረሙን ነው፤ በሌላ ቀን ያለ ድምፅ ይነክሳል።

ምልክቶቹን ካያችሁ ልጁን በረጋ ድምፅ ወደ እናንተ ጥሩት። ውሻውን በአንገት ማሰሪያው ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ሊነክሳችሁ ይችላል። ፊት ለፊት የተጋረጠባችሁ የማታውቁት ውሻ ከሆነ ዓይን ዓይኑን አትዩ፣ አትሩጡ፤ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቀስ እያላችሁ ራቁ። እንግዳ የሚጠብቅ ባለ ውሻ ደግሞ እንግዳው ከመግባቱ በፊት ውሻውን ልጅ በማይደርስበት በር በሚዘጋ ቦታ ያስገባው፤ ሰንሰለት ውሻውን እንጂ ልጁን አያግድም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለጤነኛ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊነክስ ይችላል፤ ያለ ወትሮው ሰው የሚለማመድም አለ። ስለዚህ ማንኛውም ውሻ ከነከሰ፣ የራስም ቢሆን፣ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ክትባቱ ጠይቁ። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።